«የአይፎን ገመድ» ስንል የትኛውን ነው? ባለ ላይትኒንግ ገመዴ ከ14 ወር በኋላ

ወንድሜ አይፎን 15 የገዛ ቀን የድሮ ገመዶቹን በአንድ ላስቲክ ጠቅልሎ አስረከበኝ። «ውሰዳቸው፣ ለእኔ ከእንግዲህ አይሆኑም» አለኝ። እኔ እስካሁን የምይዘው አይፎን 11 ነው። እናቴ ዘጠነኛው ትውልድ አይፓድ አላት። ጠረጴዛዬ ላይ የአፕል ማጂክ ኪቦርድ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ኤርፖድስ ፕሮ አለ። አራቱም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት መሰኪያ፣ ማለትም ላይትኒንግን ስለሆነ ጥቅሉን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ደስታው ብዙ አልቆየም፤ ገመዶቹ አንድ በአንድ ማለቅ ጀመሩ፣ እኔም ሁለት አዲስ ገዛሁ። አንዱ ሦስት ሳምንት ሠርቶ ተጣለ፣ ሌላው 14 ወሩ ሆነው። ይህ ግምገማ በዋናነት ስለዚህ ስለቆየው ገመድ ነው፤ ግን የሌሎቹን አሟሟት ሳልነግራችሁ የእሱ መቆየት ትርጉም አይኖረውም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሁላችንም «የአይፎን ገመድ» እያልን ለምደናል፤ ለአሥር ዓመት ያህል አባባሉ ትክክል ነበር። ላይትኒንግ የመጣው በ2012 ከአይፎን 5 ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሰፊውና ጠፍጣፋው ባለ 30 እግር መሰኪያ ነበር። ከአይፎን 5 ጀምሮ እስከ አይፎን 14 ድረስ፣ ፕሮውም ፕላሱም ሚኒውም ሳይቀር፣ እንዲሁም ሦስቱም የኤስኢ ትውልዶች በላይትኒንግ ነው ቻርጅ የሚደረጉት። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ግን ወደ ታይፕ ሲ ዞረ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «የአይፎን ገመድ ስጠኝ» ቢላችሁ የትኛው አይፎን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። የስልኩን ስም የማያውቅ ሰው Settings ውስጥ General ከዚያ About ብሎ ቢገባ Model Name በሚለው መስመር ላይ ያገኘዋል።

አይፓዶች ላይ ነገሩ ትንሽ ይጠላለፋል፤ ሁሉም በአንድ ዓመት አልተቀየሩምና። ፕሮው በ2018፣ ኤሩ በአራተኛው ትውልድ፣ ሚኒው በስድስተኛው፣ ተራው አይፓድ ደግሞ በአሥረኛው ትውልድ ነው ታይፕ ሲ የሆነው። የእናቴ ዘጠነኛው እንግዲህ ከተራዎቹ የመጨረሻው ባለ ላይትኒንግ ነው። የሚያደናግሩት ግን አብረው የሚሸጡት ዕቃዎች ናቸው። ኤርፖድስ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ትውልድ በላይትኒንግ ነው። ኤርፖድስ ፕሮ ሁለት ግን በሁለቱም ዓይነት ስለወጣ ከስሙ ብቻ አትለዩትም፤ የግድ የማቀፊያውን ቀዳዳ ማየት አለባችሁ። የማጂክ ኪቦርድ፣ ማውስና ትራክፓድ ታይፕ ሲ የሆኑት በ2024 መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለው አሁንም ላይትኒንግ ነው። የመጀመሪያው አፕል ፔንስል ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፦ ወንዱ መሰኪያ ያለው ራሱ እርሳሱ ላይ፣ በክዳኑ ሥር ነው። በተለመደው ገመድ ቻርጅ ለማድረግ በሁለቱም በኩል ሴት የሆነች ትንሽ ማገናኛ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ መጥፋት ትወዳለች።

መለያውን በቃል ከመያዝ ቀዳዳውን ማየት ይቀላል። መብራት አስጠግታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። መሃሉ ላይ እንደ ምላስ የወጣች ስስ ሰሌዳ ካለች ታይፕ ሲ ነው። ውስጡ ባዶ ዋሻ ከሆነ ላይትኒንግ ነው። የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፦ የታይፕ ሲ ጫፍ ውስጡ ክፍት የሆነ ሞላላ ብረት ሲሆን፣ ላይትኒንግ ድፍን ሆኖ በሁለቱም ፊቱ ላይ ስምንት ስምንት ነጠብጣብ ይታይበታል። ስፋቱ ሰባት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ማይክሮ ዩኤስቢ በስፋት ይቀራረበዋል፤ ግን እሱ በአንድ በኩል የጠበበ ስለሆነና በአንድ ፊት ብቻ ስለሚገባ በጣት ይለያል።

አሁን ወደ ሟቾቹ ልመለስ። ከወንድሜ ጥቅል አንዱን ለእናቴ ሰጥቻት ነበር። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ «ልጄ፣ ዛሬም ገልብጠህ ሰካልኝ» ማለት ጀመረች። ገመዱ በአንድ ፊቱ ሲሰካ ይሞላል፣ ሲገለበጥ ዝም ይላል። ላይትኒንግ በሁለቱም ፊት እንዲሠራ ስለተሠራ ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል፤ አይፓዱ ደህና ነው፣ የታመመው ገመዱ ነው ማለት ነው። ጫፉን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው በአንደኛው ፊት ከመሃል ካሉት ነጠብጣቦች አንዷ ጠቁራለች። ኃይል የሚያልፈው በዚያ አካባቢ ነው። እግሮቹ ወደ ውጭ የተገለጡ ስለሆኑ እርጥበት ወይም ላብ ይነካቸዋል፤ ኃይል ባለበት ሁኔታ እርጥብ ሲሆኑ ደግሞ ወርቃማው ሽፋን ተበልቶ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል። በአልኮል ብጠርገው ለአራት ቀን ሠራና መልሶ ጠቆረ። ሽፋኑ ካለቀ በኋላ መጥረግ ጊዜ መግዛት ብቻ ስለሆነ ጣልኩት። እንዲህ የጠቆረ ገመድ በሌላ ዕቃ ላይ መሞከርንም አልመክርም።

ሌላው ገመድ የሞተው አንገቱ ላይ ነው። ጎማው ከጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰነጠቀና የውስጡ ሽቦ ታየ። ይኼን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ተኝቼ ስልኬን ደረቴ ላይ አስደግፌ ስለማይ ገመዱ ሁልጊዜ ወደ ታች ታጥፎ ነበር። በፕላስተር ጠቅልዬ አንድ ሳምንት ተጠቀምኩበት፤ ከዚያ አንድ ማታ ሲሞቅ ሰማሁትና ነቀልኩት። ከተቀሩት ሁለቱ ያለ ታሪክ ሞቱ፤ አንድ ብቻ ቀረ።

ከዚያ የገዛሁት የመጀመሪያ ገመድ በማሸጊያው ላይ ኦርጅናል የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሦስት ሳምንት በደህና ሠራ። በአራተኛው ስልኬ ላይ «This accessory may not be supported» የሚል መልዕክት መጣና ቻርጅ ማድረጉን አቆመ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ይህ መልዕክት ቀዳዳው ሲቆሽሽም ይመጣል። ስለዚህ የወንድሜን አንድ የቀረ ገመድ ሰካሁ፣ ሠራ። ያኛውን ገመድ በአይፓዱ ላይ ሞከርኩት፣ እዚያም ያው መልዕክት። ሁለት ዕቃ አንድ ገመድ ላይ ከከሰሰ ጥፋቱ የገመዱ ነው። የላይትኒንግ ጫፍ ውስጥ ራሱን ለስልኩ የሚያስተዋውቅ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ርካሽ ኮፒዎች ላይ እሱ ነው ቶሎ የሚከዳው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። የኮፒው ነጠብጣቦች ጠርዛቸው ሻካራና እኩል ያልሆነ ነው፤ በደህናው ላይ ለስላሳና ዳራቸው ክብ ነው። አፕል ራሱ የሠራው ገመድ ከሆነ ደግሞ ከዩኤስቢው ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ገመዱ ላይ «Designed by Apple in California» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍና የመለያ ቁጥር ይገኛል። በሌላ አምራች የተሠራ ሆኖ ፈቃድ ያለው ከሆነ ማሸጊያው ላይ «Made for iPhone» የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ምልክቱም ሊመሰል ይችላል፤ ቢሆንም ምልክት ከሌለው ይልቅ ያለው ይሻላል።

አሁን ያለኝ ገመድ ይህ ምልክት ያለው፣ በክር የተሸፈነ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ነው፤ አምራቹን መጥቀስ አላስፈለገኝም፣ የሚለየው የሌላኛው ጫፉ ጉዳይ ስለሆነ። አንዱ ጫፍ ላይትኒንግ ነው፣ ሌላው ታይፕ ሲ። ብዙ ሰው ገመድ ሲተካ የሚያየው ስልኩ ላይ የሚገባውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን የቻርጀሩ ጭንቅላት ላይ የሚገባው ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ የድሮው ዩኤስቢ ያለው ገመድ ቢበዛ 12 ዋት ያህል ነው የሚያሳልፈው። በታይፕ ሲ በኩል ግን ከአይፎን 8 ወዲህ ያሉት ስልኮች ፈጣን ቻርጅ ይቀበላሉ። እኔ በ20 ዋት ጭንቅላት ስሞክረው ስልኬ በግማሽ ሰዓት ከ12 ወደ 58 በመቶ ደረሰ። በድሮዋ ትንሽ 5 ዋት ጭንቅላት ያንኑ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቶብኛል። ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ግን አይፈጥንም። እዚያ ላይ ማነቆው የስልኩ ላይትኒንግ ስለሆነ የታይፕ ሲ ጫፍ ምንም አይጨምርም።

ለኤርፖድሱና ለኪቦርዱ ፍጥነት አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ የታይፕ ሲው ጫፍ ኮምፒውተሬ ላይ ቀጥታ ስለሚገባ ተመችቶኛል። ገመድ ከመግዛት ይልቅ በታይፕ ሲ ገመድ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀየሪያም ሞክሬ ነበር። ቻርጅ ታደርጋለች፣ ግን ስልኩ ላይ ስትሰካ ወደ ውጭ ስለምትወጣ በትንሽ ግጭት ትነቃነቃለች። ለኪቦርድ ትሆናለች፣ በእጅ ለሚያዝ ስልክ አይደለችም።

በዘጠነኛው ወር ይህም ገመድ የሞተ መስሎኝ ነበር። ሲሰካ ቀጭ አይልም፣ ካልደገፉት አይሞላም። ጫፉ ንጹሕ ነው፣ አንገቱ ደህና ነው፣ አይፓዱ ላይ በሁለቱም ፊት ይሠራል። ቀረብ ብዬ ሳየው ስልኬ ውስጥ ሲሰካ አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል። ስልኩን አጥፍቼ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ የቀዳዳውን ወለል ቀስ ብዬ ስጭር የኪሴ ብናኝ ተጠቅጥቆ እንደ ጥጥ ወጣ፤ ለአንድ ቀዳዳ የማይታመን ብዛት። በመርፌ ወይም በሌላ ብረት እንዳትሞክሩት፣ ውስጥ ያሉት እግሮች ስስ ናቸው። ከዚያ በኋላ ገመዱ ቀጭ ብሎ ገባ። አሁን በ14ኛው ወር ክሩ ከአንገቱ ሥር ትንሽ ተፈትቷል፣ ነጠብጣቦቹ ግን አልጠቆሩም፤ እናቴም ገልብጠህ ሰካልኝ ማለቷን ትታለች።