ትሮትል ቦዲ ከመግዛታችሁ በፊት ኮዱን ጠይቁ

ሰሞኑን ጋራዥ ገብቼ ተበልቻለሁ። እናንተም እንዳትበሉ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ዳሽቦርዴ ላይ በሁለት ቅንፍ መሃል ያለች የመብረቅ ምልክት በራች። አንዳንድ መኪና ላይ ምልክቱ መፍቻ ነው፤ ቮልስዋገን ላይ ደግሞ EPC የሚል ጽሁፍ ይበራል። ወዲያው መኪናው ነዳጅ ብሰጠው እምቢ አለ። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ብረግጠውም የሞተሩ ድምፅ አልጨመረም፤ መኪናው እየተንፏቀቀ ብቻ ይሄዳል። ከኋላዬ ጥሩምባው በዛ። እንደምንም ዳር አወጣሁትና አጥፍቼ ሳስነሳው ደህና ሆነ። በማግስቱ ግን ያው ነገር ተደገመ።

ጋራዡ መኪናውን በስካነር አነበበና "ትሮትል ቦዲው ሞቷል፣ ይቀየር" አለኝ። ተቀየረ። መብራቷም ጠፋች። ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍዬ እየተደሰትኩ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ መጣች።

የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። መብራቷን ያጠፋት አዲሱ ዕቃ ሳይሆን ኮዱ፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር ለብልሽቱ የመዘገበው ቁጥር፣ መሰረዙ ነበር። ኮድ ሲሰረዝ መብራት ይጠፋል፤ ብልሽቱ ካልተነካ ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ መብራት ባላቸው መኪኖች ላይ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ የብረት ገመድ የለም። ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር ምን ያህል እንደረገጣችሁ ለኮምፒውተሩ በቮልት ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ወደ ሞተሩ አየር የምታስገባዋን በር በትንሽ ሞተር ይከፍታል። ትሮትል ቦዲ የሚባለው ይህችን በር የያዘው ዕቃ ነው። አንዱ ቢዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው ፔዳሉም ትሮትሉም ላይ ሁለት ሁለት ሴንሰር አለ። የሁለቱ ወሬ ካልተስማማ ኮምፒውተሩ ማንን እንደሚያምን አያውቅም። ስለዚህ መኪናው ሳትፈልጉ እንዳይፈተለክ ጉልበቱን ይቀንስበታል፣ አንዳንዴም ፔዳሉን ጭራሽ አይሰማም። መኪናዬን ያንፏቀቀው ይኼ ነው።

ሁለተኛ ጋራዥ ስሄድ መካኒኩ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ኮዱ ስንት ነበር?" ብሎ ነው። አላውቅም። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው "የትሮትል ችግር ተስተካክሏል" ብቻ ነው። እንደገና ሲያነበው P2138 ወጣ። ይህ ኮድ የሚናገረው ስለ ፔዳሉ ሴንሰሮች አለመስማማት ነው። የትሮትል ቦዲው ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወጣው P2135 ነው። በሁለቱ መሃል ያለው የአንዲት ቁጥር ልዩነት ነው፤ ለእኔ ግን አንድ ሙሉ ትሮትል ቦዲ ፈጀብኝ።

እሱ ግን ኮዱን አይቶ ዕቃ ግዛ አላለኝም። ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተና ስካነሩ ላይ የሁለቱን የፔዳል ሴንሰሮች ቮልት እያየ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ርገጥ አለኝ። በእኔ መኪና ሁለተኛው ሴንሰር የመጀመሪያውን ግማሽ ማሳየት አለበት። አንደኛው 1 ቮልት ሲል ሁለተኛው 0.5፣ አንደኛው 2 ሲል ሁለተኛው 1። አብረው በሥርዓት ወጡ። ፔዳሉ መሃል አካባቢ ሲደርስ ግን አንደኛው 2.4 እያለ ሁለተኛው ከ1.2 ወደ 0.7 ወደቀ፤ ትንሽ ጨመር ሳደርግ ተመልሶ ተስተካከለ። ደጋግመን ሞከርነው፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምረግጥባት ቦታ ላይ ሴንሰሩ አልቋል ማለት ነው። (ቁጥሩ እንደየመኪናው ይለያያል። አንዳንዱ ላይ አንደኛው ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የራሳችሁን መኪና መረጃ ይዛችሁ አወዳድሩ።)

ቀጥሎ ሶኬቱን ነቅሎ አየው፣ ገመዱንም እያነቃነቀ ቮልቱን ተመለከተ። ይህን አታስዘልሉ። ዝገት የያዘ ሶኬት ወይም የላላ ገመድ ልክ እንደ ሞተ ሴንሰር አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣል፣ መፍትሔው ደግሞ ምንም ዕቃ ላይጠይቅ ይችላል። የእኔ ሶኬትና ገመድ ደህና ነበሩ። ፔዳሉ ከነሴንሰሩ ተቀየረ። በጥቂት ብሎን የተያዘ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልፈጀም።

ትሮትል ቦዲ አይበላሽም እያልኩ አይደለም። በደንብ ይበላሻል። ግን ቀይሩ ስትባሉ የኮዱን ቁጥር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ ቮልቱንም ፊት ለፊታችሁ ያሳዩአችሁ። የተነቀለውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ።

የእኔን አሮጌ ትሮትል ቦዲ ስጠይቃቸው "ጣልነው" አሉኝ። ገንዘቤን ስጠይቅ ደግሞ "እሱም እኮ አርጅቶ ነበር" አሉኝ። የቀየሩልኝ ዕቃ እስካሁን መኪናዬ ላይ አለ። ደህና የነበረውን ዕቃ የተካ ደህና ዕቃ ነው።