ይቅርታው ከነጭንቀቱ ወይስ ለብቻው?

ጎንደር፣ ማራኪ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። ባል ከአዘዞ ዕቃ ያመላልሳል። መኪናው ጋራዥ ቆሟል፤ የዕቁብ መክፈያም ደርሷል። ማታ በወጪ ተጣሉና «አንቺ መውለድ እንጂ ማሳደግ መች ታውቂያለሽ!» አላት። ልጆቹ እየሰሙ።

አንደኛው ይቅርታ ጠዋት እንዲህ ይላል፦ «ይቅርታ፣ መኪናው ቆሞ ዕቁቡም ደርሶብኝ ዞሮብኝ ነው።» ውሸት የለበትም። ግን ሚስት «አይዞህ» ከማለት ሌላ ምን ትመልስ? የተሰደበችው እሷ፣ የሚጽናናው እሱ! ስድቡማ ጭራሽ አልተነሳም።

ሁለተኛው፦ «ትናንት ልጅ ማሳደግ አታውቂም ብዬሻለሁ፤ ያውም ልጆቹ ፊት። ክፉ ንግግር ነው፣ እውነትም አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።» ከዚያ ዝም። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው፤ «አንቺም እኮ...» ለማለት አፍ ይበላል። እሷ ብትቆጣ ወይም ለመታረቅ ቀናት ቢፈጅባት ማስቸኮል አይገባም። አንደኛው ቶሎ ያስታርቃል፣ አልክድም። እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የቆሰለችበትን ነገር ስሙን ጠርቶ ያነሳዋል።

ጭንቀቱስ? ይነገር እንጂ፤ ታፍኖ ከቀረ ነገ ሌላ ጠብ ያመጣል። ግን በሌላ ቀን፣ ቡና ላይ፦ «የዕቁቡ ነገር አስጨንቆኛል፤ አብረን እንየው።» እዚያው ይቅርታው ላይ እሷ ራሷ «ምን ሆነህ ነው?» ካለች ደግሞ ባጭሩ ይመልስ፦ «ጨንቆኝ ነበር። አንቺን ለመስደብ ግን ምክንያት አይሆነኝም።»