ስምንት ወር ከዩኒቲ ታይምላይን ጋር፦ የጅራፉ ድምፅ ለምን ቀደመ?

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ ስለ ቡሄ ልጆች ትንሽ ጌም እየሠራሁ ነው። በመሃል የሚገቡትን የታሪክ ትዕይንቶች በሙሉ ያቀናበርኩት በዩኒቲ ታይምላይን ነው፣ ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ። ወድጄዋለሁ። ለጀማሪም ቢሆን አይከብድም። ሁለት ሳምንት የበላብኝን አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ።

ትዕይንቱ 40 ሰከንድ ነው። ልጁ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ጅራፉን ያዞራል፣ ካሜራው ወደ ሸለቆው ይቆርጣል፣ ከዚያ ወደ ልጁ ሲመለስ 12ኛው ሰከንድ ላይ ጅራፉ ይጮኻል። ጅራፍ እያጮኸ ላደገ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ መዛነፍ እንኳ ወዲያው ያስታውቃል።

እኔ ኮምፒውተር ላይ ልክክ ብሎ ነበር። ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ሲከፍተው ግን ልጁ ገና ክንዱን እያነሳ ጅራፉ ጮኸ። ድምፁን ታይምላይኑ ላይ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋሁት። እሱ ጋ ተስተካከለ፣ እኔ ጋ ተበላሸ። ችግሩ የቦታ ሳይሆን የሰዓት መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ወደ ሸለቆው ሲቆረጥ ምስሎቹ ገና እየተጫኑ ስለነበር በእሱ ላፕቶፕ አንዱ ፍሬም ብቻ 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። ዩኒቲ ደግሞ ቅንብሩን ካልነካችሁት በአንድ ፍሬም የጌሙን ሰዓት ከ0.33 ሰከንድ በላይ አያራምድም። ልጁና ካሜራው የሚሄዱት በዚህ ሰዓት ነው። ድምፁ ግን አንዴ ከጀመረ በራሱ ሰዓት ይሄዳል፣ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ 0.47 ሰከንድ ቀደመ፣ በ30 ፍሬም ሲሰላ 14 ፍሬም ማለት ነው። ነፋሱን፣ ሙዚቃውንና ጅራፉን አንድ ላይ ደባልቄ የ40 ሰከንድ ፋይል አድርጌ ስለነበር ጅራፉም አብሮ ተጎተተ።

መፍትሔው ሁለት ነው። መጀመሪያ የጅራፉን ድምፅ ለብቻው ቆርጬ 12ኛው ሰከንድ ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ትዕይንቱ ቢዘገይም ድምፁ ታይምላይኑ እዚያ ሲደርስ ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ Playable Director ላይ Update Method የሚለውን ከGame Time ወደ DSP Clock ቀየርኩት። ያኔ ታይምላይኑ በሙሉ የድምፁን ሰዓት ይከተላል።

DSP Clock ግን ዋጋ አለው። ምስሉ ሲንተፋተፍ ድምፁ ላይ ለመድረስ ዘሎ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሸለቆውን ትዕይንቱ ሳይጀምር፣ ስክሪኑ ጥቁር እያለ አስቀድሜ እጭነዋለሁ። ጌሙን በ`Time.timeScale = 0` የምታቆሙ ከሆነም ትዕይንቱ አይቆምላችሁም፣ ራሱን ማዘዝ ያስፈልጋል፦

```
director.Pause();
```

ትናንት ማታ እዚያው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አምስት ጊዜ ከፈትነው። አምስቱንም ጊዜ የጅራፉ ጫፍ ሲመለስና ድምፁ ሲወጣ እኩል ሆነ።