የልጆች የመንገድ ደህንነት ካርቱን፦ ተተርጉሞ የሚሸጠው ስክሪፕት ወይስ ለጎንደር የሚጻፈው?

ጎንደር ውስጥ ለትምህርት ቤት ወይም ለክበብ የመንገድ ደህንነት ካርቱን ለማሠራት የሚነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ተተርጉሞ ያለቀ የ12 ክፍል ስክሪፕት በርካሽ እየተሸጠ ለምን አዲስ እናጽፋለን?» ተከታታይ የምታሠሩ ከሆነ አስጽፉ። ምክንያቱን ከብሩ ልጀምር።

ለስሌት ያህል ተተርጉሞ የሚሸጠው በክፍል 1,500 ብር ነው እንበል፤ 12ቱ 18,000 ይሆናሉ። አዲስ የሚጻፈው ደግሞ በክፍል 6,000 ሆኖ፣ የገጸ ባሕርያቱን አነጋገር የሚወስነው ሰነድ አንድ ጊዜ 10,000 ቢከፈልበት ድምሩ 82,000 ነው። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ወደ 18,000ው ይሮጣል። ነገር ግን ትልቁ ወጪ ሥዕሉ ነው። የአንድ ደቂቃ አኒሜሽን 10,000 ብር ከሆነ፣ ባለ 3 ደቂቃ 12 ክፍሎች 360,000 ይፈጃሉ። ድምፁ ተቀርጾ አፉ ከድምፁ ጋር ከተገጠመ በኋላ አንድ ንግግር ሲቀየር ቀረጻውም ሥዕሉም እንደገና ይሠራል። በየክፍሉ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ቢታረም ለሥዕሉ 60,000፣ ለስቱዲዮ በክፍል 1,000 ብትይዙለት 12,000፤ ርካሹ ስክሪፕት 90,000 ገባ ማለት ነው። የራሳችሁን ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት።

እርማቱ ከየት ይመጣል ለሚል፣ ዋናው ከአቅጣጫ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መስመር ከዞረች ወዲህ፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ዳር ለቆመ ልጅ ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከግራው ነው። ስለዚህ ትምህርቱ «ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ» ነው። ከኬንያ፣ ከህንድ ወይም ከእንግሊዝ የተወሰደ ስክሪፕት ግን የተጻፈው በግራ መስመር ለሚነዳበት አገር ስለሆነ «ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ» ይላል። ቃል በቃል ተተርጉሞ ከወጣ ልጁን በመጀመሪያ ቅርቡ መኪና ወደማይመጣበት አቅጣጫ እንዲያይ ያስተምረዋል። የእግረኛ መንገድ በሌለበትም እንዲሁ ነው፤ እኛ ጋ ልጅ ግራውን ይዞ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ይሄዳል፤ በነዚያ አገሮች ተቃራኒው ነው። ስክሪፕት ስትቀበሉ ከሁሉ በፊት «ግራ» እና «ቀኝ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ።

ሁለተኛው እርማት ከአነጋገሩ ይመጣል። ተተርጉመው ከሚሸጡት ውስጥ የተለመደው ዓይነት ይህን ይመስላል፦

ጥንቸል፦ «ከመሻገርህ በፊት ሁልጊዜ በመንገዱ ዳር መቆምን አስታውስ!»
ኤሊ፦ «አዎ! መኪና አለመኖሩን ማረጋገጥንም አትርሳ!»

ስሞቹን ብታቀያይሩ ምንም አይለወጥም። ሁለቱም አንድ አስተማሪ ናቸው። ሥዕሉም ላይ ችግር አለ፤ በዋናው ቋንቋ «ቁም» የሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ስለነበር ጥንቸሉ እጁን የሚያነሳው ገና ሲጀምር ነው፤ በአማርኛው ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እጁ ብቻውን ቀድሞ ይነሳል፣ ቃሉ ዘግይቶ ይደርሳል። ለልጅ በሚጻፍ ንግግር ትእዛዙ ራሱን ችሎ ቀድሞ ይምጣ፣ ምክንያቱ ይከተለው።

አሁን ያንኑ ትምህርት ለጎንደር እንጻፈው። ቦታው የፒያሳ መንገድ፤ ሚኒባስ ቆሞ ሰው እያወረደ ነው። ጭሌ ከስሜን ተራሮች የወረደ የጭላዳ ግልገል ነው። እሜቴ ዕድሜ የጠገበች አህያ፣ ጢን ደግሞ ባጃጅ ነው።

ጭሌ፦ «እሜቴ፣ ታክሲው ቆሟል! ልለፍ?»
እሜቴ፦ «ቁም። ታክሲው ቆሟል፤ ከኋላው የሚመጣው አልቆመም።»
ጢን፦ «ጢን ጢን! እኔ ነኝ! ታክሲው ጋርዶህ አላየሁህም፣ ፍሬን ይዤ አልደርስም ነበር!»
ጭሌ፦ «ታዲያ መቼ ልለፍ?»
እሜቴ፦ «ጠብቅ። ታክሲው ይሂድ፣ መንገዱ ይታይ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ።»

እዚህ ስሙን ብትሸፍኑም ማን እንደተናገረ ይታወቃል። ጭሌ ይጠይቃል እንጂ ሕግ አይናገርም። እሜቴ አትጠይቅም፤ በትእዛዝ ትጀምራለች፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር የላትም። ጢን የሚናገረው ሾፌር የሚያየውንና የማያየውን ብቻ ነው፤ ይህ ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው፣ «መኪናውን ካየሁት እሱም አይቶኛል» ብሎ የሚያስብ ልጅ ብዙ ነውና። ጭሌ እሜቴን በአንቱታ ያናግራታል፣ ጢንን አንተ ይለዋል። ይህ በ1ኛው ክፍል ከተወሰነ እስከ 12ኛው አይናወጥም።

10,000 የሚከፈልበት ሰነድ ይህንኑ የሚይዘው ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ማንን እንዴት እንደሚጠራ፣ ዓረፍተ ነገሩ ስንት ቃል እንደሚደርስ፣ የማይናገራቸው ነገሮች፣ ሲደነግጥና ሲቆጣ እንዴት እንደሚል፣ አሥር ያህል የናሙና ንግግር። ጸሐፊው በመሃል ቢቀየር ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። ለድምፅ ተዋናዩም ያው ሰነድ ይሰጠዋል። የጭሌን ድምፅ ለወንድ ልጅ አትስጡ፤ ድምፁ ሲጎረምስ ተከታታዩ መሃል ላይ ይቋረጣል። የልጅ ድምፅ ማውጣት የምትችል ሴት ተዋናይ ዘላቂ ናት።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ልጆች ከካርቱን ይዘው የሚሄዱት ተደጋጋሚውን ሐረግ ነው። ስለዚህ የሚደጋገመው ሐረግ ስህተቱ መሆን የለበትም። ጭሌ በየክፍሉ «ልለፍ!» እያለ ቢዘል ሰፈር ውስጥ የሚሰማው «ልለፍ!» ነው። ዜማ የሚሰጠው ለ«ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ» ይሁን። ተመልካቾቹ ትምህርት ያልጀመሩ ሕፃናት ከሆኑ ደግሞ ሐረጉ «እጅ ያዝ» ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት መገመት አይችሉም፣ ብቻቸውን እንዲሻገሩ የሚያበረታታ ንግግር አይጻፍላቸው።

ተመልካቹን በቀጥታ የሚያናግረው አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ይሁን፤ እሱም «ልጆች፣ ቁሙ» ይበል። ርካሾቹ ላይ አንዴ «ቁም»፣ አንዴ «ቁሚ» እየተባለ ይደበላለቃል።

አዲስ ተጽፎ ነው ተብሎ ስሙ ብቻ ተቀይሮ የሚሸጥም አለ። የሚያጋልጠው ግሱ ነው፤ ጥንቸሉ እሜቴ ሲባል «መጣ»፣ «አለ» የሚሉት በወንድ ጾታ ይቀራሉ። ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስና በረዶ ካገኛችሁበት፣ ጋሪና ባጃጅ ደግሞ ከሌለበት፣ ለአዘዞ ወይም ለማራኪ ልጅ የተጻፈ አይደለም።

የአንድ ክፍል ማስታወቂያ ብቻ ለምታሠሩ ሒሳቡ ይገለበጣል። በላይኛው ስሌት የተተረጎመው ከነእርማቱ 7,500 ሲሆን፣ አዲሱ ከነሰነዱ 16,000 ነው። የተተረጎመውን ግዙ፤ ግን ስቱዲዮ ሳይገባ አቅጣጫውን አስተካክሉ፣ ንግግሩን ደግሞ ልጆች ባሉበት ጮክ ብላችሁ በሰዓት አስነብቡት። ከ3 ደቂቃ ካለፈ የሚቆረጠው ያኔ ነው፤ ወረቀት ላይ መቁረጥ ብር አያስወጣም።

ለተከታታዩ ጸሐፊ ስትቀጥሩ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ሰነዱንና አንድ ክፍል አሠርታችሁ ክፈሉ፣ ስሞቹን ሸፍናችሁ ለማያውቀው ሰው አንብቡለት፤ ማን እንደተናገረ ከለየ ቀሪዎቹን 11 እዘዙ። ውሉ ላይ ሁለት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ መሆኑ፣ ገጸ ባሕርያቱንም በሌላ ጸሐፊ የማስቀጠል መብት የእናንተ መሆኑ ይጻፍ።