የነዳጅ ፍጆታን ከፎቶ ማስላት፦ በአንድ ሙሌት ወይስ በሦስት?

ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ሰልባትዮውን ሙሉ አስሞልቶ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶ በማንሳት ነው። የዚያ ቀን ሊትር አይደመርም፤ የሚተካው ከዚያ በፊት የተቃጠለውን ነውና።

ኮምቦልቻ ላይ ስትሞሉ ቆጣሪው 84,210 ነበር እንበል። በሚቀጥለው ሙሌት 84,530፣ የማደያው ማሽን ደግሞ 28.8 ሊትር አሳየ፤ ሁለቱንም ፎቶ አነሳችሁ። 28.8ን ለ320 ኪሎ ሜትር አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ ለ100 ኪሎ ሜትር 9.0 ሊትር ይመጣል። ፈጣን ነው፤ ግን መቅጃው 2 ሊትር ቀደም ብሎ ቢያቆም ኖሮ 8.4 ይወጣ ነበር። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአሞላሉ ልክ ነው።

በሦስት ሙሌት ግን ሊትሮቹን ትደምራላችሁ፦ 28.8፣ 31.5 እና 32.7፣ በድምሩ 93። ቆጣሪው 85,210 ከደረሰ ርቀቱ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ፍጆታው 9.3 ነው። ያው የ2 ሊትር ስህተት እዚህ የሚያዛባው 0.2 ብቻ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገትና ቁልቁለትም አብሮ ይካተታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ብቻ የተለካ ፍጆታ የቁልቁለቱ እንጂ የመኪናው አይደለም።

እኛ ሦስቱን እንመርጣለን። አንድ የማደያ ፎቶ ከጠፋ ግን ድምሩ ይጎድልና ፍጆታው ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ፎቶው ላይ የብሩን መስመር እንደ ሊትር እንዳታነቡ፣ የአስርዮሽ ነጥቧም በነጸብራቅ እንዳትሸፈን ተጠንቀቁ።