ከከዚራው የፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ለሚቀመጡት አባት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ውስጥ ወደ ሦስት መቶ በሚጠጋ ሰው ፊት ቆሜ አምስት ደቂቃ ተናግሬ ሳልወድቅ ስለወረድኩ ነው። ለሌላው ሰው ይህ ቀላል ነገር ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት ከሒሳብ መዝገብ ጋር ብቻ ለተነጋገርኩ ለእኔ ግን ቀላል አልነበረም። ለዚህ ያበቁኝ የንግግሬ ወረቀት ላይ የት እንደማርፍና የት እንደምተነፍስ በእርሳስ ምልክት ያደረጉልኝ እኚህ አባት ናቸው።

አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። የቀድሞ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሲሰባሰቡ በልጆች ስም አንድ ሰው ይናገር ተባለና እጣው እኔ ላይ ወደቀ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ የአባቴ ጓደኞች በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ከፊት ረድፍ የሚቀመጡትም እነሱ ናቸው። አራት ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ መጥፎ አልነበረም። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ገና ገጽ አንድ ላይ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሼ ያልቃል፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አፌ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ የሄድኩት ንግግር እናሠለጥናለን ወደሚሉ ሰዎች ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ከፍለን ሁለት ቀን ተቀመጥን፤ ሁለቱንም ቀን «በራስሽ ተማመኚ» ተባልኩ። እጄን እንዴት እንደማወዛውዝ አሳዩኝ። ጽሑፌን ግን ማንም አላየውም! በመጨረሻው ቀን ተነሥቼ ሳነብ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ አሠልጣኙ «ጎበዝ» ብሎ አጨበጨበና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ያን ጭብጨባ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ወደ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የገባሁት። ቀጥሎ አንድ የማውቀው ሰው እረዳሻለሁ ብሎ ጽሑፉን ወሰደ፣ በሦስት ዓይነት ቀለም አሰመረበትና መለሰልኝ። ከአራቱ ገጽ ያልተሰመረበት ቃል ስፈልግ አጣሁ። ሁሉንም ቃል አጥብቄ ላንብብ ብል እንደ ጨረታ አዋጅ ነጋሪ ጮህኩ፤ ልጄ ከጓዳ ወጥታ «እማዬ ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

ወደ እሳቸው የመራችኝ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ናት። ጽሑፉን ላባዛ ስገባ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ «ከውጭ ጥላው ሥር የተቀመጡትን አባት ያናግሯቸው» አለችኝ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፣ ስለዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ስለ ድፍረት አንድ ቃል አልተነፈሱም። «አንብቢልኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወረቀቱንም አላዩም። አንድ አንቀጽ እንዳነበብኩ አስቆሙኝና እንዲህ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ሐዲዱ ወደ ከተማው መጣ ነው ያልሽው ወይስ አልመጣም?»

«አልመጣም» አልኳቸው።

«እኔ የሰማሁት ‹ሐዲዱ ወደ ከተማው› እስከሚለው ድረስ ነው።»

ያቺ ጥያቄ ናት እኔን ያዳነችኝ። ቀጥለው ያስረዱኝን በራሴ ቃል ልሞክረው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ፣ አደረገ ወይስ አላደረገም የሚለው ሁሉ የሚታወቀው እዚያ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የፈራ ተናጋሪ ሁልጊዜ የሚውጠው ዋናውን ቃል ነው። አድማጩ ከፊት ያለውን ሁሉ ሰምቶ ፍርዱን ሳይሰማ ይቀራል። ምልክት የሚደረገውም ለጌጥ ሳይሆን እስከ ግሡ የሚያደርስ ትንፋሽ እንዲተርፍ ነው።

የእኔ ዓረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ነበር፦ «በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ሜዳው አሸዋና ቁጥቋጦ ስለነበረ ከተማችን የተወለደችው ከሐዲዱ ዳር ነው እንጂ ሐዲዱ ወደ ከተማው አልመጣም።» እሳቸው እርሳስ አወጡ፣ እኔን እያስነበቡ እንዲህ አደረጉት፦

ባቡሩ እዚህ ሲደርስ / ሜዳው አሸዋና ቁጥቋጦ ነበር። //
ከተማችን የተወለደችው / ከሐዲዱ ዳር ነው። //
ሐዲዱ / ወደ ከተማው አልመጣም።

አንዱ ጭረት አጭር ዕረፍት ነው፤ አፍ ይዘጋል፣ አየር ግን አይሳብም። ሁለቱ ጭረት ትንፋሽ የሚሳብበት ነው፤ እሱም በአፍ ሳይሆን በአፍንጫ፣ ምክንያቱም በአፍ የተሳበ ትንፋሽ ማይክሮፎን ላይ እንደ ሲቃ ይሰማል። ከሦስቱ መስመር ያሰመሩበት ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «አልመጣም»። ከሥሩ አንድ መስመር። እኔ «ሐዲዱ» ላይም ይሰመር ብዬ ተከራከርኩ። «ሁለት ቃል ከጠበቀ አንዱም አልጠበቀም» አሉና ላጲሱን አነሡ።

ዓመተ ምህረቱን ደግሞ ከዚያ አውጥተው ለብቻው በፊት መስመር ላይ በፊደል አጻፉኝ፦ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አምስት። የደነገጠ ዓይን አኃዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ አኃዙን ወደ ቃል እስኪለውጥ ትንፋሹ ይባክናል አሉ። እውነት ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበትን 1909ንም እንዲሁ አደረግነው፤ ከሁለቱም በፊት ሁለት ጭረት አለ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ገጽ ሁለት ላይ «አባቴ ገና ሌሊት ይነሣ ነበር» የሚል አለ። በፍርሃት ሳነበው «ና»ን አጥብቄ አነበብኩት፤ አባቴ የሚነሣው በገና በዓል ሌሊት ብቻ ሆነ! ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ከ«ና» በላይ ትንሽ «ላ» ጻፉ፣ ላልቶ ይነበብ ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ ረጋ ያለ አንባቢ ከሐሳቡ ያውቀዋል፣ የፈራ ሰው ግን አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል። በአራቱ ገጽ ይህን ምልክት ያደረጉት ሦስት ቦታ ብቻ ነው፣ እኔ የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ። ከየት እንደተማሩት ስጠይቃቸው ድጓው ላይ በመስመሮች መካከል የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች አስታወሱኝ፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። «ንባብ ያለ ምልክት የጀመርነው እኛ ነን እንጂ የቀደሙትስ ያውቁ ነበር» አሉኝ። አባቴ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር፤ እሱም የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታ በድምፁ ብቻ የተሰነጠቀውን የሚለይ ሰው ነበር። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ወደ ንግግሩ አስገቢው አሉኝ፤ አስገባሁት፣ ከፊት ረድፍ አንድ ሽማግሌ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁ።

የቀረውን ስለ ድያፍራም ምናምን ያሉኝን ብዙ አልገባኝም፣ አልዋሽም። የገባኝ አንድ ነው። መድረክ ላይ ስወጣ አየር መሳብ ነበር ልማዴ፤ ደረቴ እስኪወጠር። እሳቸው ግን የመጀመሪያው ቃል ፊት ለፊት ትንሽ ክብ አደረጉና «እዚህ መጀመሪያ አስወጪ» አሉ። የሞላ ሳንባ ላይ ሌላ መጨመር አይቻልም፤ ካስወጣሽ በኋላ የሚገባው ራሱ ይገባል።

ወረቀቱንም ራሳቸው አስተካከሉት። ፊደሉ ትልቅ፣ መስመሩ የተራራቀ፣ አንድ ሐሳብ በአንድ መስመር፣ ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ የማይሻገር፣ የገጹ የታችኛው ክፍል ባዶ፤ ዓይን ወደ ታች በወረደ ቁጥር አገጭ ይወርዳል፣ ድምፅም ይታፈናል። ከወፍራም ወረቀት ላይ እንዲታተምም አዘዙ። ለምን ብዬ ነበር፤ የድሬዳዋን አዳራሽ ማራገቢያ የረሳሁት እኔ ነኝ!

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የመጀመሪያ ቀን በሰዓት ሲለኩኝ አራቱን ገጽ በ3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ጨርሼ ነበር፣ ማለትም ሮጬ። በሦስተኛው ቀን 5 ደቂቃ ከ10 ሆነ፣ ስለ አባቴ መዶሻ ካስገባሁት በስተቀር አንድም ቃል ሳይጨመር። በመካከሉ ግን ከፋኝ፤ ምልክቶቹን እንደ ትእዛዝ ሳነብ እንደ ሮቦት ሆንኩ። ይህ የታወቀ ነው አሉኝ፤ ጭረቱን ዓይን ማየት እስኪተው፣ ቆይታው የሰውነት ልማድ እስኪሆን ድረስ በየቀኑ ጮክ ብሎ ማንበብ ይፈልጋል። ለዋዜማ የመጣን ሰው እንደማይቀበሉም ነገሩኝ። አዲስ ምልክት በዋዜማ ሌላ ጭንቀት ነው ይላሉ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ነገር ተበላሸ። «አልመጣም» ስል ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ አልጠበቅሁም ነበር፤ መስመሬ ጠፋኝ፣ ልቤ ጉሮሮዬ ደረሰ። ጋሼ ግን የግራ አውራ ጣቴን በኅዳጉ ላይ ከመስመር መስመር እያወረድኩ እንዳነብ አስለምደውኝ ነበር። ወደ ታች ሳይ ጣቴ ሁለት ጭረት አጠገብ ቆሟል። ተነፈስኩ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ቀጠልኩ። ከአዳራሹ ማንም አላወቀም። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ልጄ «እዚያ ጋ በጣም ረጋ አልሽ» አለችኝ።

እባካችሁ፣ ሰርግ ላይ፣ ምረቃ ላይ፣ ኀዘን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገሩ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች፣ ገንዘባችሁን ለጭብጨባ ከመክፈላችሁ በፊት እኚህን አባት ፈልጓቸው። ከከዚራ ጥላ ካላቸው መንገዶች በአንዱ ዳር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር በስተግራ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ይገኛሉ። ለአንድ ገጽ የጠየቁኝ 50 ብር ነው፤ እኔ በግድ ጨምሬ ቡና ወሰድኩላቸው። ከንግግራችሁ ቀን አሥር ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። ጽሑፋችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ እሳቸው ንግግር አይጽፉም፣ ረጅሙን ለመቁረጥም ፈቃዳችሁን ይጠይቃሉ። እርሳስ እንዳትወስዱ፣ በራሳቸው እርሳስ ካልሆነ አይሠሩም።