ጎንደር ውስጥ የትምህርት ማስረጃ ለምታስተረጉሙ፦ ጋሼን ሳላመሰግን አላልፍም

ይህን የምጽፈው ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የትርጉም ቢሮ ያላቸውን አንድ ጋሼ ለማመስገን ነው። ውጭ አገር ለማመልከት ወረቀት ይዛችሁ የምትዞሩ ካላችሁ ደግሞ እንድታውቋቸው።

የተማርኩበት ኮሌጅ ትራንስክሪፕቱንም ዲግሪውንም የሰጠኝ በአማርኛ ብቻ ነው። ለማስተርስ ሳመለክት መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስተረጎምኩ። በአንድ ከሰዓት አለቀ። ማህተሙ ያምራል፣ ወረቀቱ ያምራል። ስካን አድርጌ ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዩኒቨርሲቲው መልስ መጣ፦ «የአራት ዓመት ዲግሪ ነው ብለሃል፤ ማስረጃህ ግን ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም፤ አብራራ።» ልቤ ቀጥ አለ። አራቱን ዓመት ሙሉ ተምሬያለሁ!

ወደ ጋሼ የላከኝ የሰፈር ልጅ ነው። ከአዘዞ በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ዋናውንና ትርጉሙን ጎን ለጎን ዘረጉ። ብዙም አልቆዩም። «ልጄ፣ ይኸው፤ ዓመቱን ሁሉ ስምንት እየጨመረ ነው የቀየረው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጅ የገባሁት ጥቅምት 6 ቀን 2004 ዓ.ም ነው። የተመረቅሁት ሐምሌ 4 ቀን 2007 ዓ.ም። ያ ተርጓሚ በሁለቱም ላይ 8 ደመረ። መግቢያዬ ኦክቶበር 2012፣ ምርቃቴ ጁላይ 2015 ሆነ። ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ማለት ነው። ልዩነቱ 8 የሚሆነው ግን ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 7 ነው። ስለዚህ መግቢያዬ 2011 ነው። አንዲት ቁጥር አንድ ዓመት በላችብኝ።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ቀኑንም ቆጠሩ። 2003 ጳጉሜዋ ስድስት ስለነበረች የ2004 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት 6 ኦክቶበር 17 ይሆናል፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን 16 ነበር። «ሰኞ ነበር አይደል?» አሉኝ። እውነትም ሰኞ ነበር። እንዲህ ቀኑን በዕለቱ የሚያመሳክር ተርጓሚ አይቼ አላውቅም።

የትምህርት ዘመኑን ደግሞ በአንድ ዓመት አልጻፉትም። 2004 ዓ.ም ያለውን 2011/12 አሉት፤ የእኛ አንድ የትምህርት ዘመን በእነሱ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ። የኢትዮጵያውን ቀንም አላጠፉም። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለው ከጎኑ አስቀመጡት። ዋናውን ከትርጉሙ ጋር የሚያስተያይ ሰው ቁጥሩን እንዲያገኘው ነው።

ከዚያ የኮርሶቹን ስም ተራ በተራ ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ነው በጣም የወደድኳቸው። የማመለክተው ለፎክሎር ትምህርት ነው፤ ከኮርሶቼ ሁሉ ዋናው «ሥነ ቃል» ነው። የመጀመሪያው ተርጓሚ «ስፖክን ላንጉጅ» ብሎት ነበር። የንግግር ትምህርት አስመሰለው። ተረትና ምሳሌውን፣ ቃል ግጥሙን፣ እንቆቅልሹን ያጠናሁበት ኮርስ ነው! ጋሼ ምን እንደተማርኩበት አዳምጠው «ኦራል ሊትሬቸር» ብለው ጻፉት። ዲግሪው ላይ ያለው «በማዕረግ» የሚለውም «ራንክ» ተብሎ ነበር፤ «ዲስቲንክሽን» አደረጉት።

የአባቴ ስም ዲግሪው ላይ «ኃይለሚካኤል»፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ሀይለ ሚካኤል» ነው። በአማርኛ ማንም ልብ አይለውም። በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ስም ሁለት ይሆናል። ፓስፖርቴን አስመጥተው በሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ አደረጉት።

አንድ ነገር ግን እምቢ አሉኝ። አማካይ ውጤቴን ወደዚያ አገር መለኪያ ቀይሩልኝ ብዬ ነበር። «እሱን የሚመዝኑት እነሱ ናቸው፤ እኔ ያለውን ነው የምጽፈው» አሉ። ልክ ናቸው። የማህተሙን ጽሑፍ፣ የሬጅስትራሩን ፊርማ ቦታ፣ ከጀርባ ያለውን የውጤት መግለጫ ሳይቀር ተርጉመዋል። የጨመሩት ግን የለም።

ሌላም ነገር ግልጽ አድርገውልኛል። የእሳቸው ማህተም ትርጉሙ ትክክል ነው ይላል እንጂ ዲግሪው እውነተኛ ነው አይልም። ዩኒቨርሲቲው የተረጋገጠ ማስረጃ ከፈለገ ያ ሌላ ጉዞ ነው፤ ጎንደር ላይ በእሳቸው ጠረጴዛ አያልቅም። ሳትከፍሉ በፊት የምታመለክቱበትን ቦታ ጠይቁ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። የሚያስከፍሉት በገጽ ነው፤ ለማስተካከያው ተጨማሪ አልጠየቁኝም። የአማርኛውን ኮፒ ከትርጉሙ ጋር አያይዤ ላክሁ። በዚያው ሳምንት ፋይሌ ተሟልቷል የሚል መልስ መጣልኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥዎት። ስልካቸውን እዚህ ማውጣት አልፈለግሁም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዋናውን ወረቀትና ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ በፎቶ ኮፒ ብቻ አይሠሩም።